የ11 ዓመት የቢሮ አስተዳደር ልምዴ ሲቪ ላይ የሥራ ዝርዝር ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ቁጥር ከየት ይመጣል?

ትርሲት_17

ሰላም ለሁላችሁ። ሲቪዬን እያስተካከልኩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 52 ሠራተኞች ባሉት አስመጪ ድርጅት የቢሮ አስተዳዳሪ ነኝ። እዚህ 7 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ 4 ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። አንዲት የቅጥር ባለሙያ ሲቪዬን አይታ «ይሄ የሥራ መዘርዝር ነው፣ አንቺ ምን እንደሠራሽ አይናገርም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ከመደቡ መዘርዝር ላይ ነው የገለበጥኩት። አሁን ያለው ይህ ነው፦

- ገቢና ወጪ ደብዳቤዎችን መመዝገብና ለሚመለከታቸው ክፍሎች ማሰራጨት
- ፔቲ ካሽ መያዝና ማወራረድ
- የጽሕፈት መሣሪያና የቶነር ግዥ መከታተል
- ስብሰባ ማመቻቸት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ
- የሠራተኞችን የዓመት ፈቃድ መከታተል
- የተሽከርካሪ ስምሪት ማዘጋጀት
- ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ሥራዎችን ማከናወን

የሽያጭ ሰው ቢሆን «ይህን ያህል ሸጥኩ» ይላል። የእኔ ሥራ ግን ደብዳቤና ደረሰኝ ነው። ወደ ውጤት ለመቀየር ቁጥሩን ከየት ላምጣው?

ኪያ_ሲቪ

ቀላል ነው እህቴ። እያንዳንዱ መስመር ላይ በመቶኛ አስገቢ። «የቢሮ ቅልጥፍናን በ40 በመቶ አሳደግኩ»፣ «የሰነድ አያያዝን በ30 በመቶ አሻሻልኩ» በይ። ግሱ ጠንካራ ይሁን፦ መራሁ፣ ዘረጋሁ፣ አሻሻልኩ። ቀጣሪ አንድ ሲቪ ላይ ብዙ ጊዜ አያጠፋም፣ ዓይኑ የሚያርፈው ቁጥር ላይ ነው። ሰባቱም መስመር ላይ ቁጥር ይኑር።

መዝገብ_ቤት

ኪያ፣ ዓይን ቁጥር ላይ ያርፋል ያልከው ልክ ነው፣ ግሱም ልክ ነው። ግን «ቅልጥፍና በ40 በመቶ» የምንድን ነው 40 በመቶ? ቃለ መጠይቅ ላይ «እንዴት ለካሽው?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃታል። መልስ ከሌላት ያ መስመር ብቻ ሳይሆን እውነተኞቹም አብረው ይወድቃሉ።

ትርሲት፣ መጀመሪያ መስመሮችሽ በምን እንደሚያልቁ ተመልከቺ። መመዝገብ፣ መያዝ፣ መከታተል፣ ማዘጋጀት። ይህ መደቡ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ይናገራል፣ ማን ምን እንዳደረገ ግን አይናገርም። አንድ ሳምንት የሠራ ሰውም ሰባት ዓመት የሠራሽው አንቺም ያንኑ መስመር ትጽፋላችሁ። ሲቪሽ በእንግሊዝኛ ከሆነ «ሪስፖንሲብል ፎር» እያለ የሚጀምረው ሁሉ ያው ነው። አንዳንዶች ደግሞ ለማስተካከል ብለው «ተሻሽሏል፣ ተደርጓል» ይላሉ፤ እዚያም ላይ አድራጊው ጠፋ። ግሱ በ«ኩ» ማለቅ አለበት፦ አወረድኩ፣ አሳጠርኩ፣ ቀነስኩ።

ከግሱ በፊት ግን ቁጥሩ ይገኝ። ከጭንቅላትሽ አትፈልጊው፣ ከመዝገብሽ ፈልጊው። የቢሮ አስተዳዳሪ ከሽያጭ ሠራተኛ የተሻለ ማስረጃ አለው፣ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ የሚሠራው መመዝገብ ነው። ሦስት ነገር አይተሽ ተመለሺ፦

1. የፔቲ ካሽ ማወራረጃ ፋይል። በአንድ ማወራረድ ስንት ቫውቸር አለ? ፋይናንስ ስንቱን ይመልሳል? ዱሮስ ስንት ይመልስ ነበር?
2. የገቢ ደብዳቤ መዝገብ። ደብዳቤው የገባበትና መልሱ የወጣበት ቀን ሁለቱም ተጽፈዋል?
3. የቶነር ቢን ካርድ። በ2016 እና በ2017 በጀት ዓመት ስንት ስንት ወጣ?

ሰባቱን በአንድ ጊዜ አትንኪ። ሦስት ጥሩ መስመር ከተገኘ ሌሎቹ በአጭሩ ቢቀመጡ ምንም አይሆኑም። የመጨረሻውን «ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ሥራዎች» የሚለውን ግን ዛሬውኑ አጥፊው። የሁሉም ሰው መዘርዝር ላይ አለ፣ ስለማንም አይናገርም።

አባ_ማኅተም

ልጄ፣ አትሳሳቺ። የሥራ ልምድ ማስረጃ የሚጽፈው መሥሪያ ቤቱ እንጂ ሠራተኛው አይደለም። «ቀነስኩ፣ አሳጠርኩ» የሚል የልምድ ደብዳቤ ማን ይፈርምልሻል? የመደቡ መጠሪያ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ደመወዝ፣ ግብር መከፈሉ፤ በቃ። ማኅተሙ የግድ ጥርት ብሎ ይረፍ።

ትርሲት_17

አባባ፣ የጠየቅኩት ስለ ሲቪው ነው፣ የልምድ ማስረጃው አለኝ። ግን ያነሱት ነገር አሳሰበኝ። ማስረጃዬ ላይ የተዘረዘረው ያው መዘርዝሩ ነው። ሲቪው ሌላ ነገር ካለ አይጣላም?

አባ_ማኅተም

ይቅርታ ልጄ፣ አንብቤው ነበር ግን በደንብ አላየሁትም። ቢሆንም የመንግሥት መደብ ከሆነ የምልሽ ይጸናል። እዚያ የሚመረመረው የትምህርት ደረጃና ተዛማጅ የሥራ ልምድ ነው። ማስታወቂያው «በአስተዳደር፣ በጽሕፈትና በቢሮ አስተዳደር» ካለ ያ ቃል በማስረጃሽ ላይ መኖር አለበት። ያመጣሽው ለውጥ ቢያምርም ተዛማጅነቱ ካልታየ ከመጀመሪያው ማጣሪያ አያልፍም።

መዝገብ_ቤት

ጋሼ እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። ለመንግሥት መደብ የተግባር ዝርዝሩን አታውጪው፣ ከማስታወቂያው ቃል ጋር እንዲገጥም አድርገሽ አቆይው። የግል ድርጅት፣ ኤንጂኦና ባንክ ግን አጣርቶ ከጠራሽ በኋላ የሚያመሳክረው መጠሪያሽንና ቀኑን ነው። ስለዚህ የመደብሽ መጠሪያና የጀመርሽበት ወር ከማስረጃው ፍንክች እንዳይል። ማስረጃው በእኛ አቆጣጠር፣ ሲቪው በፈረንጆቹ ሲሆን ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለውን በ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በ8 ዓመት ነው የምትደምሪው። ሁሉንም በ8 የደመረ ሰው መስከረም ላይ የጀመረውን ሥራ አንድ ዓመት አዘግይቶ ይጽፈዋል፤ አጣሪው ደግሞ ልምድ ያልተጣጣመ ብሎ ያስቀምጠዋል።

ትርሲት_17

መዝገቦቹን አየሁ። እነሆ፦

ፔቲ ካሹ 30,000 ብር ነው፣ በወር ሁለት ጊዜ አወራርዳለሁ። ስለዚህ በዓመት 720,000 ብር ይሆናል። በአንድ ማወራረድ ወደ 30 ቫውቸር አለ። በ2015 ፋይናንስ በአማካይ 9 ይመልስብኝ ነበር፣ አሁን 2 ነው። የለወጥኩት ነገር ቢኖር ለግዥ የሚላክ ሰው በግማሽ ወረቀት ፈርሞ ብር እንዲወስድና በ2 ቀን እንዲያወራርድ ማድረጌ፣ ደረሰኙንም ከመቀበሌ በፊት የድርጅቱ ስምና ቲን ቁጥር መኖሩን ማየቴ ነው።

ቶነር በ2016 በጀት ዓመት 46 ወጥቷል፣ በ2017 ደግሞ 29። ፕሪንተሮቹ ሁሉ ሳይታዘዙ በቶነር ቆጣቢ ሁኔታ እንዲያትሙ አስደርጌ ነበር፣ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጹንም ከወረቀት ወደ ኢሜይል አዛውሬዋለሁ። ግን ወጪውን ስደምረው ቅር አለኝ። በ2016 አንዱ 4,200 ብር ነበር፣ ጠቅላላ 193,200። በ2017 አንዱ 6,800 ገባ፣ ጠቅላላ 197,200። ጭራሽ ጨምሯል፣ ይህን እንዴት ውጤት እለዋለሁ?

የደብዳቤ መዝገቡ ላይ ሁለቱም ቀን አለ ግን በእጅ የተጻፈ ነው።

ኪያ_ሲቪ

ቶነሩን ተይው በቃ። ወጪው ከጨመረ አታንሺው።

ፋይናንስ_ክፍል

እንዴት ይተዋል? ከሦስቱ ጥሩው እሱ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተቀይሯል። 2016ን ከ2017 ጋር በብር ማነጻጸር የገበያውን ዋጋ መለካት ነው፣ የትርሲትን ሥራ አይለካም። እሷ የምትቆጣጠረው ፍሬውን ነው። ፍሬው ከ46 ወደ 29 ወርዷል፣ 17 ቀንሷል፣ ይህም 37 በመቶ ነው። በብር ማውራት ከፈለገች በአዲሱ ዋጋ ታሰላዋለች፦ ያልተገዙት 17 ቶነሮች በ6,800 ሲባዙ 115,600 ብር። አሠራሩ ባይለወጥ ይህ ሁሉ ይወጣ ነበር። ግን ሲቪው ላይ «115,600 ብር አተረፍኩ» ካለች ጠያቂው ከበጀት ሪፖርት ላይ አያገኘውም። ስለዚህ ፍሬውን ትጻፍ፣ ብሩን ለቃል መልስ ታስቀምጠው።

አንድ ነገር ግን አረጋግጪ። በሁለቱ ዓመታት የሠራተኛው ቁጥር ያው ነበር? ቅርንጫፍ ተዘግቶ ወይም አንድ ማሽን ተበላሽቶ ቆሞ ከሆነ ቶነሩን የቀነሰው እሱ ነው።

የፔቲ ካሹን ድምር ደግሞ አስተካክዪው። 30,000ን በ24 አባዝተሽ 720,000 አልሽ። ሣጥኑ ግን ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ አይጠበቅም፣ የሚተካልሽ ያወጣሽው ብቻ ነው። የ24ቱን የመተኪያ ቼክ አንድ በአንድ ደምሪ። ፋይናንስ የሚያውቅ ሰው ያንን 720,000 ሲያይ ወዲያው ነው የሚነቃበት።

ትርሲት_17

ቼኮቹን ደመርኩ፣ 611,400 ብር ነው። ምን ያህል እንደተሳሳትኩ አያችሁ? ሠራተኛው በ2016 51፣ በ2017 52 ነበር። የቆመ ማሽን የለም፣ አራቱም ይሠራሉ።

መዝገብ_ቤት

በጣም ጥሩ። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ቁጥር እንዳለሽ ልብ በይ። 52 ሠራተኛ፣ 610,000 ብር፣ በወር 60 ቫውቸር፤ እነዚህ የሥራሽን ስፋት ይናገራሉ። ከ9 ወደ 2፣ ከ46 ወደ 29፤ እነዚህ ደግሞ ለውጡን። ስፋት ብቻውን ውጤት አይደለም፣ ብዙ ሰው ግን ቁጥር ስለሆነ ብቻ ውጤት ይመስለዋል። ለውጥ ብቻውን ሲጻፍ ደግሞ መጠኑ አይታወቅም፤ ከ9 ወደ 2 ያልሽው ከ10 ይሁን ከ300 አንባቢው አያውቅም። አንድ መስመር ላይ ሁለቱ ሲገናኙና መሐላቸው ያደረግሽው ነገር በጥቂት ቃል ሲገባ ነው ሙሉ የሚሆነው። የፔቲ ካሹን ላሳይሽ፦

ዱሮ፦ «ፔቲ ካሽ መያዝና ማወራረድ።»

የመጀመሪያ ሙከራ፦ «የፔቲ ካሽ ስህተትን በ78 በመቶ ቀነስኩ።» ስሌቱ አይዋሽም፣ ከ9 ወደ 2 በእርግጥ 78 በመቶ ነው። ግን ከጥቂት ፍሬ የወጣ በመቶኛ ሁልጊዜ ይጋነናል። ከ2 ወደ 1 የወረደም 50 በመቶ ነው። መነሻው ከ20 ካነሰ ጥሬ ቁጥሩን ጻፊ። «ስህተት» የሚለውም ቃል ይጎዳሻል፣ ራስሽ ስትሳሳቺ የኖርሽ ያስመስላል። የተመለሰ ቫውቸር በይው፣ ስሙም እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ «በዓመት 610,000 ብር ገደማ የሚያንቀሳቅስ ፔቲ ካሽ ይዤ፣ የቅድሚያ መውሰጃ ቅጽና የ2 ቀን ማወራረጃ ገደብ በመዘርጋት፣ ከ30 ቫውቸር ፋይናንስ የሚመልሰውን ከ9 ወደ 2 አወረድኩ።»

ይህ ይቆማል። «እንዴት ለካሽው?» ሲሉሽ «ማወራረጃው ላይ ፋይናንስ ቀይ ምልክት ያደረገባቸውን ቆጥሬ» ትያለሽ፣ አለቀ። «ምን ያህል ማወራረጃ ቆጠርሽ?» ሊሉም ይችላሉና ከየዓመቱ ቢያንስ 6 ቁጠሪ። መጥፎውን ወር ከዱሮው፣ ጥሩውን ከአሁኑ አትምረጪ፤ ተመሳሳይ ወራት ይሁኑ። ሰኔን ከጥቅምት ጋር አታነጻጽሪ፣ በዓመት መዝጊያ ፋይናንስ በሙሉ ዓይኑ ነው የሚያየው።

ፋይናንስ_ክፍል

አንድ ልጨምር። «በውጭ ኦዲት ምንም ግኝት አልተገኘብኝም» የሚል መስመር ሲቪ ላይ በብዛት አያለሁ። ኦዲተሩ ፔቲ ካሹን በዚያ ዓመት ጭራሽ ሳያየው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የማኔጅመንት ሌተሩን ሳታዪ አትጻፊው። ድንገተኛ ቆጠራ ተደርጎብሽ ጉድለት ካልተገኘ ግን እሱ የተፈረመ ወረቀት አለው፣ ስንት ጊዜ እንደተቆጠረ ቆጥረሽ ጻፊው።

ሰንበቴ

እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፣ ከለቀቅኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። መዝገቡ እዚያው ነው፣ ኮምፒውተርም አልነበረንም። የተማሪ ማስረጃ፣ መሸኛ፣ ትራንስክሪፕት እጽፍ ነበር። መዝገብ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? የትርሲት ዓይነት ቁጥር የለኝም።

መዝገብ_ቤት

ሰንበቴ፣ ሁለት ነገር ይቻላል። አንደኛው፣ የሚታወቅሽን ስፋት በዝቅተኛው ወሰን መጻፍ ነው። በምዝገባ ወቅት በቀን ስንት ማስረጃ ታወጪ ነበር? ከ15 እስከ 20 ከሆነ «በቀን ከ15 በላይ» በይ። ዝቅተኛውን ከያዝሽ ማንም አይረታሽም። ሁለተኛው፣ በቁጥር ያልተለካ ግን በጊዜ የሚታወቅ ነገር ነው። ወላጅ መሸኛ ሲጠይቅ ስትጀምሪ በስንት ቀን ያገኝ ነበር፣ ስትለቂስ? «በሦስተኛው ቀን» የነበረው «በዕለቱ» ከሆነ ይህ ለውጥ ነው፤ የጠየቀ ሰው ርዕሰ መምህሩን ደውሎ ማረጋገጥ ይችላል። በመቶኛ ግን አትንኪ፣ መሠረት የለሽም። ከቀድሞ ቢሮሽም መዝገብ አስቀድተሽ አታስወጪ። የተማሪ ማስረጃ ነው፣ ሲቪ ለማሳመር ተብሎ የሚወጣ ነገር አይደለም።

ሰንበቴ

መሸኛው እውነትም ስጀምር በሳምንቱ ነበር የሚሰጠው፣ ፊርማ እየተጠበቀ። ዳይሬክተሩ ጠዋትና ከሰዓት በተወሰነ ሰዓት እንዲፈርሙ አስማምቼ በማግሥቱ መስጠት ጀመርን። ይህን እንደ ውጤት አላየሁትም ነበር። አመሰግናለሁ።

ትርሲት_17

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። በእጅ የተጻፈ መዝገብ ነው፣ በዓመት ከ700 በላይ ደብዳቤ አለ። ሁሉንም ልቁጠር?

መዝገብ_ቤት

የለም። መልስ የሚሹትን ብቻ ለይተሽ ከ2016 ጥቅምት ጀምሮ በተከታታይ 60፣ ከ2017 ጥቅምት ጀምሮም 60 ውሰጂ። የምታወጪው ከራስሽ መዝገብ ቀኑን ብቻ ነው፣ የደብዳቤውን ጉዳይ አትጻፊ። ለእውቅና ብቻ የመጣ ግልባጭ፣ የስብሰባ ጥሪና የመልካም ምኞት ደብዳቤ መልስ ስለማይሻ አይቆጠርም።

ኤክሴል ላይ ስትገለብጪው ተጠንቀቂ። የእኛን ቀን እንዳለ 30/02/2017 ብለሽ ብትጽፊ ኤክሴል 02ን የሚያውቀው እንደ ፈረንጅ ፌብሩዋሪ እንጂ እንደ ጥቅምት አይደለም፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም፤ ስለዚህ ቀን መሆኑን ትቶ ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል። ሌላው ቀን ያለችግር የገባ ይመስልሻል፣ ቁጥሩ ግን ይዛባል። ቀኑንና ወሩን ለየብቻ ዓምድ አስገቢያቸው፦ A የገባበት ቀን፣ B የገባበት ወር፣ C መልስ የወጣበት ቀን፣ D መልስ የወጣበት ወር። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ ስሌቱ ከፈረንጁ ይቀላል። E ላይ፦

```
=(D2-B2)*30+(C2-A2)
```

መልስ ያልወጣለት ደብዳቤ ሲያጋጥምሽ E ን ባዶ ተዪው፣ ካልተውሽው ከዜሮ በታች ቁጥር ይመጣል። ዘመን የሚሻገር ደብዳቤ ካለም እንዲሁ ይሆናል፤ ከጥቅምት ጀምረሽ እስከ ጥር ከያዝሽ ግን አያጋጥምሽም። ከዚያ፦

```
=MEDIAN(E2:E61)
```

አማካዩን ትቼ ይህን የመረጥኩት አራት ወር ተኝቶ የከረመ አንድ ደብዳቤ አማካዩን ለብቻው ስለሚጎትተው ነው። ይህ ግን መካከለኛው ደብዳቤ በስንት ቀን እንደተመለሰ ይነግርሻል። ያልተመለሱትን ደግሞ ለብቻ ቁጠሪ። ከቁጥሩ ካስወጣሻቸው በኋላ ከረሳሻቸው ውጤቱ ያለአግባብ ያምራል።

ትርሲት_17

ሁለት ማታ ፈጀብኝ። 2016 ላይ 11 ቀን፣ 2017 ላይ 5 ቀን። ያልተመለሱት ከ60 ውስጥ 8 ነበሩ፣ አሁን 3። ያደረግኩት፣ ሰኞ ሰኞ መልስ የሚጠብቁትን ደብዳቤዎች ዝርዝር ለክፍል ኃላፊዎች መላክ ነበር። ግን አንድ ነገር ይከብደኛል፤ መልሱን የሚጽፉት እነሱ ናቸው። «አሳጠርኩ» ብል የሰው ሥራ መውሰድ አይሆንም?

ኪያ_ሲቪ

አይሆንም! ዝርዝሩን ያወጣሽው አንቺ፣ የጨቀጨቅሽው አንቺ። «ከ11 ቀን ወደ 5 ቀን አሳጠርኩ» በይ። ትሕትና ሲቪ ላይ ዋጋ የለውም። መዝገብ ቤትን ስለ መቶኛው እቀበለዋለሁ፣ እዚህ ላይ ግን አልለቅም።

መዝገብ_ቤት

እኔ «ሳምንታዊ የክትትል ዝርዝር በመዘርጋት፣ ለገቢ ደብዳቤ መልስ የሚወጣበት ጊዜ ከ11 ቀን ወደ 5 ቀን እንዲወርድ አደረግኩ» እላለሁ። «እንዲወርድ አደረግኩ» ሲባል መልሱን ሌላ ሰው እንደጻፈ ይገባል፣ ያስቻለው ግን ዝርዝሩ ነው። በዚያው ዓመት አዲስ የክፍል ኃላፊ መጥቶ ከሆነ፣ ወይም ዋና ሥራ አስኪያጁ ስለ ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ጽፈው ከሆነ፣ ያንን ከወዲሁ አስቢበት።

ፋይናንስ_ክፍል

ለእኔ «አደረግኩ»ም ይበዛል። «ዘረጋሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጊዜው ከ11 ወደ 5 ቀን ወርዷል» ብላ ሁለቱን ጎን ለጎን ታስቀምጥ፣ አንባቢው ራሱ ያገናኘው። የሌላ ክፍል ሥራን ውጤት በራሱ ስም የጻፈ አመልካች ከዚያ ክፍል የመጣ ጠያቂ ፊት ሲደርስ ያስተዛዝባል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ሆኜ ነው። እዚህ ለቢሮ ሥራ ለምታመለክቱ፣ የብር መጠን ለአንባቢ ምንም አይነግረውም፣ ወደ ዶላር ቀይሮ ማስገባትም የተመኑ ቀን ያከራክራል። ፍሬ፣ ቀን፣ የሰው ቁጥር ግን የትም አገር ይገባል። «ከ9 ወደ 2»፣ «ከ11 ቀን ወደ 5» እንዳለ ይሻገራል። ፎቶ፣ ዕድሜ፣ የትዳር ሁኔታ እዚህ አይጻፍም። ፔቲ ካሽ የሚለው ቃል አይለወጥም፣ «ማስረጃ ማኅተም» ምናምን የሚለውን ግን ተዉት።

አባ_ማኅተም

ስለ ዓመት ፈቃዱ ማንም አላነሳም። በአዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሠራተኛው ሳይወስደው ሲቀር ይጠራቀማል፣ ሲለቅም በገንዘብ ይከፈለዋል። ስለዚህ የተጠራቀመ ቀን ለድርጅቱ ዕዳ ነው። ልጄ፣ የ52ቱን ሰው ቀሪ ፈቃድ በየዓመቱ ሰኔ 30 ላይ ደምሪው። ከቀነሰ አንድ የሲቪ መስመር ሆነልሽ ማለት ነው። ከፔቲ ካሹ የሚበልጥ ይመስለኛል።

ትርሲት_17

አባባ፣ ደመርኩት። ሰኔ 30 ቀን 2016 ላይ 640 ቀን ነበር፣ በ2017 ደግሞ 415። የፈቃድ ፕሮግራም በመስከረም ከየክፍሉ ተቀብዬ በየሩብ ዓመቱ ላልወጣ ሰው አስታውሳለሁ። ግን ሦስት የቆዩ ሠራተኞች በዚያው ዓመት ለቀዋል፣ ወደ 90 ቀን ተከፍሏቸዋል።

ፋይናንስ_ክፍል

እንግዲያው 90ዎቹ አንቺ የቀነስሻቸው አይደሉም፣ በገንዘብ ተከፍለው የወጡ ናቸው። ከ640 ላይ 90ውን አንሺና ከ550 ጀምሪ። ከ550 ወደ 415 ማለት 135 ቀን ነው፣ ወደ 25 በመቶ። ካላነሳሽው 35 በመቶ ይመጣልሽ ነበር። የለቀቁትን የተኩት ሰዎችም ገና ብዙ ፈቃድ አላጠራቀሙምና 415ቱ ላይ የእነሱ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ቁጥሩን ያሳነሰው እሱም ሊሆን ስለሚችል በሁለቱም ዓመት የነበሩትን ብቻ ደምረሽ ብታይው ይሻላል።

ትርሲት_17

እሺ፣ እሱን ነገ እሠራዋለሁ። እስካሁን ያለው እንዲህ ሆነ። ከላይ አንድ መስመር ስለ ስፋቱ፣ ከሥሩ ውጤቶቹ፦

የቢሮ አስተዳዳሪ፣ 52 ሠራተኞች ያሉት አስመጪ ድርጅት። ደብዳቤ፣ ፔቲ ካሽ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ስብሰባ፣ ፈቃድና የ6 ተሽከርካሪዎች ስምሪት።

- በዓመት 610,000 ብር ገደማ የሚያንቀሳቅስ ፔቲ ካሽ ይዤ፣ የቅድሚያ መውሰጃ ቅጽና የ2 ቀን ማወራረጃ ገደብ በመዘርጋት፣ ከ30 ቫውቸር ፋይናንስ የሚመልሰውን ከ9 ወደ 2 አወረድኩ።
- ቶነር ቆጣቢ ሕትመትን መደበኛ በማድረግና የፈቃድ ቅጹን ወደ ኢሜይል በማዛወር፣ የሠራተኛው ቁጥር ሳይቀንስ የቶነር ፍጆታን በዓመት ከ46 ወደ 29 ቀነስኩ።
- ሳምንታዊ የክትትል ዝርዝር በመዘርጋት ለገቢ ደብዳቤ መልስ የሚወጣበት ጊዜ ከ11 ቀን ወደ 5 ቀን እንዲወርድ አደረግኩ።

ስብሰባውና ስምሪቱ ላይ ምንም ለውጥ ስላላገኘሁ የላይኛው መስመር ላይ ብቻ አስቀመጥኳቸው። የድሮው የ4 ዓመት ሥራ ሁለት መስመር ነው።

መዝገብ_ቤት

ስምሪቱ እዚያው ይቆይ፣ ለውጥ ሳይኖር ቁጥር አትፈልጊለት። ፔቲ ካሹ ላይ «ከ30 ቫውቸር» የሚለው በአንድ ማወራረድ መሆኑ አልተጻፈም። እንዲህ ሲቀር አንባቢው በዓመት ሊመስለው ይችላል፣ 610,000 ብር በዓመት በ30 ቫውቸር እንዴት ይወጣል ብሎም ይጠራጠራል። «በየማወራረጃው ከ30 ቫውቸር» በይው። ሌላው፣ የድርጅቱ የውስጥ የገንዘብ መጠን ሲቪ ላይ እንዲወጣ ኃላፊሽ ቅር የሚላቸው ከሆነ 610,000ውን አውጥተሽ «በወር 60 ገደማ ቫውቸር» ብትዪ ለውጡ አይነካም።

ኪያ_ሲቪ

የደብዳቤው ላይ አሁንም «አሳጠርኩ» ቢሆን ይሻል ነበር እላለሁ።

ፋይናንስ_ክፍል

እኔም አሁንም ይበዛል እላለሁ። ትርሲት፣ የፈቃዱን ስትጨርሺ ድምሩን እዚህ አምጪው፣ አብረን እንየው።